ክብር ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊያችን

ሰሞኑን ቡሬ ላይ የአንድ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ኮፒ እጄ ገባ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ጸሐፊ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አገሩ ዋሸራና ዲማ ቅኔ ሲዘረፍ የኖረበት አገር ነውና ጸሐፊያችንም ዘርፏል። ሰሙ «አምኗል» ይላል። ወርቁን ደግሞ ይግባኝ ሰሚው ይፈልግ።

ክሱ ቀላል ነው። የማዳበሪያ መጋዘን ሠራተኛው 14 ኩንታል ዩሪያ አጉድሏል ተብሏል። ከኮሚቴው አባላት አንዱ እንዳጫወተኝ ሰውዬው የመለሰው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ አለቃዬ ጋ። መጉደሉ ያሳዝነኛል፣ እኔ ግን አልወሰድኩም።» ጸሐፊያችን ይቺን ተቀብሎ ምን ጻፈ? «ተከሳሹ ጥፋቱን አምኖ ማዘኑን ገልጿል።» አቤት እጥር ምጥን ማለት! ሁለተኛው ቁልፍ ከነባለቤቱ ጠፋ፣ ክህደቱም ተነነ፤ የቀረችው ሐዘኑ ብቻ ናት።

ይግባኝ የሚያየው ሰው እዚያ ክፍል አልነበረም። ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። «አምኗል» የሚለውን ሲያነብ መጀመሪያ የሚፈልገው ምን ተብሎ ተጠይቆ ምን ብሎ እንዳመነ ነው። ለዚህ ጥያቄውን እንደተጠየቀ፣ መልሱንም በሰውዬው አንደበት ማስፈር ይበቃ ነበር። «አመነ» ወይም «ካደ» ማለት የውሳኔው ክፍል ሥራ ነው፤ እሱም ቢሆን ከየትኛው መልስ እንደተነሣ ተጠቅሶ። ግን ይህ ለተራ ጸሐፊ ነው።

ደግሞ መስኮቱ አለ። «ተከሳሹ ጥያቄ ሲቀርብለት በትዕቢት ወደ መስኮት ተመለከተ» ይላል ቃለ ጉባኤው። ስለጎደለው ማዳበሪያ አራት መስመር ተጽፏል። ስለመስኮቱ ግማሽ ገጽ! አንዱ አባል «ኮሚቴውን መናቅ ነው» አለ፤ ተመዘገበ። ሌላው «ቀድሞም እንዲህ ነው» አለ፤ ተመዘገበ። ሦስተኛው መስኮቱ ይዘጋ የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ተደግፎ ተመዘገበ። መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ ሰውዬው ወደ በሩ አየ፤ ይህም ተመዘገበ። ይግባኝ ሰሚው እንግዲህ መስኮቱንና በሩን አስጠርቶ ቃላቸውን ይቀበል፤ ትዕቢቱን በቅርብ ያዩ እነሱ ናቸው። «ጥያቄው ሁለት ጊዜ ተደግሞለት መልስ አልሰጠም» ቢባልኮ ማንም ሰው ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ይሆን ነበር። ለነገሩ እንዲህ ተጽፎ ማን ያደንቃል?

ሰውዬው የበር ጥበቃው በምስክርነት ይሰማልኝ ብሎም ነበር፤ የሚወጣውን መኪና የሚመዘግበው ጥበቃው ነውና። ኮሚቴው አልፈቀደም። መከልከሉ አንድ ነገር ነው። ጥያቄውም ክልከላውም ቃለ ጉባኤው ላይ አለመኖራቸው ግን ሌላ ነው። የከለከለበትን ምክንያት የጻፈ ኮሚቴ ቢያንስ በምክንያቱ ይከራከራል፤ ይኼኛው ምንም እንዳልተጠየቀ ሆኖ ይቀርባል።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ልጆች ያሉት ሰው በአንዲት «አምኗል» ከሥራ ወጥቷል። ንጹሕ ከሆነ ግፍ ነው። ሰርቆም ከሆነ ይኸው ወረቀት ነፃ ያወጣዋል፤ ማዳበሪያ ጠብቆ ጤፉን ሳይዘራ የቀረው ገበሬም ባዶ እጁን ይቀራል። በሁለቱም መንገድ ጸሐፊውን የሚጠይቀው የለም። ይህ ያናድደኛል።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ቃለ ጉባኤው ሦስት ገጽ ነው፤ የአባላቱ ፊርማ ያለው ሦስተኛው ላይ ብቻ ነው። አንደኛውና ሁለተኛው ገጽ ነገ በሌላ ቢቀየሩ ማን ያውቃል? «14» ከሚለው ውስጥ «1»ዋ ፍሉድ ላይ የተጻፈች ናት። ኮፒው ላይ እንኳ ጠርዙ ይታያል። ከሥሩ ምን እንደነበረ ጸሐፊያችንና ፍሉዱ ያውቃሉ። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዞ፣ እንዲነበብ ትቶ፣ ከጎኑ መፈረም የሚባል ነገር አለ አሉ፤ ያ ግን ውበት ያበላሻል።

በመጨረሻ ሰውዬው ቃሉ ሳይነበብለት ፈርም ተባለ። «መጀመሪያ ይነበብልኝ» አለ። ይቺ ጥያቄም አልተመዘገበችም። በፊርማው ቦታ፣ ጸሐፊያችን በቁም ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «በትዕቢት አልፈረመም።»