ማስተካከያ፦ ድምር መቶኛው 80 ላይ ለምን ቆመ?

«ሠንጠረዡን እንዳሳየኸው ሠራሁ። ግን ድምር መቶኛው 80 ላይ ቆመ። ምን አጠፋሁ?»

ጥፋቱ የኔ ነው። ባለፈው የድምር መቶኛ ሠንጠረዥ አሠራር ሳሳያችሁ፣ 50 መጠይቅ በትነን 10ሩ የእርካታ ጥያቄው ባዶ ሆኖ ተመልሶ ሳለ፣ ሁሉንም ቁጥር ለ50 አካፍሉ ብዬ ነበር። ማካፈል የነበረብን መልስ ለሰጡት 40 ሰዎች ነው። የተስተካከለው ይኸው፦

| መልስ | ብዛት | መቶኛ | ድምር መቶኛ |
|---|---|---|---|
| በጣም አልረካሁም | 4 | 10 | 10 |
| አልረካሁም | 6 | 15 | 25 |
| መካከለኛ | 10 | 25 | 50 |
| ረክቻለሁ | 14 | 35 | 85 |
| በጣም ረክቻለሁ | 6 | 15 | 100 |

በኤክሴል ብዛቱ ከC2 እስከ C6 ከሆነ፣ መቶኛው እንዲህ ይወጣል፦

```
=C2/SUM(C$2:C$6)*100
```

የዶላር ምልክቷን እንዳትረሷት። ያለሷ ቀመሩን ወደ ታች ስትጎትቱት አካፋዩ አብሮ ይንሸራተታል፤ የመጨረሻው ረድፍ 100 ሲል ታዩታላችሁ።

ኤስፒኤስኤስ የምትጠቀሙ ደግሞ ሁለት መቶኛ ያወጣላችኋል። Percent ባዶዎቹንም ይቆጥራል፣ Valid Percent ግን መልስ የሰጡትን ብቻ። Cumulative Percent የሚደመረው ከሁለተኛው ነው። እኔ የመጀመሪያውን ይዤ ነው የተሸወድኩት።

ባዶዎቹን ግን አትደብቋቸው። ከሠንጠረዡ ሥር «10 ሰዎች አልመለሱም» ብላችሁ ጻፉ። ከአምስት አንዱ ዝም ካለ፣ ምናልባት ጥያቄው ራሱ አልገባቸው ይሆናል።

«አላውቅም» ያለ ሰው ግን ባዶ አይደለም፣ መልስ ሰጥቷል። ችግሩ ከ«መካከለኛ» በላይ ይሁን በታች ቦታ የለውም። ስለዚህ ብዛቱን ለብቻው አስቀምጡት እንጂ ድምር መቶኛው ውስጥ አትክተቱት።