የሐኪም ሰዓት በቀን ሠራተኛ ሂሳብ?

«ማንም ያልተከፈለበት ሰዓት ወጪ አይደለም። ከአሁን በኋላ የበጎ ፈቃደኛ ሰዓት ሁሉ በቀን ሠራተኛ ሂሳብ ይያዝልን።»

ይህን ያሉት የአንድ ለጋሽ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው፤ ባለፈው ሳምንት፣ በስብሰባ ላይ። በማግስቱ ውሳኔ ሆኖ በኢሜይል ደረሰን። ለፕሮጀክቱ ወጪ ከለጋሹ ገንዘብ ጎን እኛም ድርሻ እናዋጣለን፤ ወጪ መጋራት የሚባለው ይህ ነው። በጎ ፈቃደኞች በነፃ የሠሩት ሰዓት በገንዘብ ተተምኖ ከዚያ ድርሻችን ይቆጠራል።

ሰዓቱ ወጪ ካልሆነ ለምን በቀን ሠራተኛ ሂሳብ ይያዛል? ዜሮ ነው በሉና እንረፍ! ዋጋ አለው ካላችሁ ደግሞ ዋጋው የሚወጣው ከተሠራው ሥራ ነው። ሠሪው ደሞዝ መቀበል አለመቀበሉ ሥራውን አያቀለውም።

የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት የእርዳታ ደንብ በቁጥር 200.306 ላይ ነገሩን አስቀምጦታል። የበጎ ፈቃደኛው ሰዓት የሚተመነው ድርጅቱ ራሱ ለተመሳሳይ ሥራ በሚከፍለው ልክ ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ ድርጅቱ ውስጥ ከሌለ፣ ሥራ ገበያው ላይ ለዚያው ሥራ የሚከፈለው ይታያል። አለቀ። «ለሁሉም አንድ ዋጋ» የሚል ነገር የለበትም።

አንድ ሐኪም እንውሰድ። ለጤና ፕሮጀክት 40 ሰዓት በነፃ ሰጡ እንበል። 30ውን ሰዓት በሽተኛ መረመሩ። የቀረውን 10 ሰዓት ግን ብሩሽ ይዘው የክሊኒኩን ግድግዳ ቀለም ቀቡ። ድርጅቱ ለሐኪም በሰዓት 40 ዶላር፣ ለቀለም ቀቢ 6 ዶላር የሚከፍል ከሆነ ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ ምርመራው 1,200፣ ቀለሙ 60፣ ድምሩ 1,260 ዶላር። 40ውንም ሰዓት በሐኪም ዋጋ መትቶ 1,600 የሚጽፍ ሰው 340 ዶላር አጋንኗል። ብሩሽ የያዘ ሐኪም ለዚያ ሰዓት ቀለም ቀቢ ነው፤ ዲግሪው ግድግዳውን አያሳምረውም።

በአዲሱ ውሳኔ ግን ያው 40 ሰዓት፣ የቀን ሠራተኛውንም በ6 ዶላር ብንይዘው፣ 240 ዶላር ይሆናል። በሽተኛ የመረመረው እጅ ብሩሽ ከያዘው እጅ ጋር እኩል ተመዘነ ማለት ነው። 1,020 ዶላር የት ገባ? ሥራው ተሠርቷል፣ በሽተኞቹ ታይተዋል። የወጪ መጋራት ግዴታችን ግን አልቀነሰም። ስለዚህ ቀዳዳውን በጥሬ ገንዘብ ድፈኑ እየተባልን ነው። እኚያ ሐኪም ባይመጡ ኖሮ ሐኪም እንቀጥር ነበር፤ ያኔ ያ 1,200 ዶላር በጀቱ ውስጥ ይገባና ለጋሹ አንዲት ጥያቄ ሳያነሳ ያጸድቀው ነበር። በነፃ ስላገኘነው ተቀጣን!

«ማጭበርበር በዛ» ይሉናል። አለ፣ አልክድም። በዓይኔ ያየሁት የሰዓት መመዝገቢያ ቅጽ አለ። የ12 ሰው ፊርማ፣ በአንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ። ሁሉም በየቀኑ ልክ 8 ሰዓት፣ ቢሮው ዝግ በነበረበት እሑድ ሳይቀር። የተሠራው ሥራ ምንድን ነው በሚለው ዓምድ ላይ ከላይ እስከ ታች «እገዛ» ይላል። ይህን ለመያዝ ኦዲተር መሆን እንኳ አያስፈልግም።

ግን ዋጋውን ማውረድ ይህን ሰውዬ ምን ያደርገዋል? ዋጋው ሲወርድበት ሰዓቱን ያበዛዋላ! ብዕሩ እጁ ላይ ነው። የሚጎዳው 30 ሰዓት ሠርቶ 30 የጻፈው ነው። ማጭበርበሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ከሆነ መቆጣጠርም ሰዓቱን ነው። ያው ደንብ የበጎ ፈቃደኛው ሰዓት በተቻለ መጠን የድርጅቱ ሠራተኞች ሰዓት በሚመዘገብበት መንገድ ይመዝገብ ይላል። ቀኑ፣ የገባበትና የወጣበት ሰዓት፣ የሠራው ሥራ፣ የራሱ ፊርማ፣ የቅርብ አለቃው ፊርማ። ሥራው ሲሠራ የሚሞላ እንጂ ሪፖርት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ተሰብስቦ የሚፈረም አይደለም።

አንድ ባልደረባዬ ደግሞ «ታዲያ በአገር አቀፍ አማካይ ብንሠራውስ?» አለኝ። ያም ያው በሽታ ነው፤ ሐኪሙን ያወርዳል፣ ቀቢውን ያለ ሥራው ይሰቅላል። አማካይ ለዓመታዊ መጽሔት ያምራል፤ ለወጪ መጋራት ሰነድ ግን የደሞዝ እርከናችን አለልን።

የገረመኝ ደግሞ፣ ያው ኢሜይል በነፃ የምንገለገልበትን አዳራሽ በገበያ ኪራይ ዋጋ ያዙ ይላል። ማንም ኪራይ አልከፈለበትም እኮ! ባዶ ክፍል የገበያ ዋጋ አለው፣ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የሚሠራው ሰው የለውም?

የሚቀጥለው ሪፖርታችን ላይ የሐኪሙ ሰዓት በሁለት መስመር ይገባል፦ 30 በሐኪም፣ 10 በቀቢ። ከሥሩ የደሞዝ እርከናችንና የተፈረመው ቅጽ ይያያዛል። መሰረዝ የፈለገ ምክንያቱን ጽፎ፣ ፈርሞበት ይሰርዝ።