ርዕሱ ተቆርጦ፣ ከሥሩ «እዚህ ይጫኑ»፦ ስለ ኢሜይል ሁለት መስመሮች

«ላሊበላ ውስጥ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ለገና ለቀድሞ እንግዶቼ ኢሜይል እልካለሁ። በስልክ ሲታይ ግን ርዕሱ መሀል ላይ ይቆረጣል፤ ከሥሩ ደግሞ ‹መልእክቱ በትክክል ካልታየዎ እዚህ ይጫኑ› የሚል ይወጣል። ሁለቱን መስመሮች እንዴት ላስማማቸው?»

ስልኩን ይክፈቱና ኢንቦክስዎን ይመልከቱ። ለእያንዳንዱ ኢሜይል ሦስት ነገር ይታያል። ከላይ የላኪው ስም፣ ቀጥሎ ርዕሱ፣ ከርዕሱ ሥር ደግሞ ደብዘዝ ባለ ቀለም የመልእክቱ ቅድመ እይታ። እንግዳዎ ኢሜይሉን ልክፈተው ወይስ ልለፈው ብሎ የሚወስነው በእነዚህ ነው። ብዙ ሰው ርዕሱን ሲያስብ ያመሻል፤ ቅድመ እይታውን ግን ማንም አይጽፈውም፣ ራሱ ይመጣል። እኔ የምለው ሁለቱ በአንድ ቁጭታ፣ አንዱ ሌላውን እያየ መጻፍ አለባቸው ነው። ለአማርኛ ደግሞ ይህ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ይብሳል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው ስፋት ነው። የእኛ ፊደል ከላቲኑ ሰፋ ይላል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ የሚነገረው የፊደል ቁጥር ለእኛ አይሠራም። በተለመደው የስልክ ስክሪን የአማርኛ ርዕስ 25 ፊደል አካባቢ ላይ ይቆረጣል ብለው ቢያስቡ ይሻላል። የጽሑፉን መጠን ያሳደገ ሰው ዘንድ ደግሞ ከዚያም በፊት ይቆረጣል።

ሁለተኛው የቋንቋው ጠባይ ነው። አማርኛ ግሡን የሚያመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ስልኩ ደግሞ የሚቆርጠው መጨረሻውን ነው። ይህን አንድ ርዕስ ይመልከቱት፦ «በላሊበላ የሚከበረውን የገና በዓል ከእኛ ጋር እንድታሳልፉ በአክብሮት እንጋብዛለን»። ስልክ ላይ የሚቀረው «በላሊበላ የሚከበረውን የገና በዓል ከእኛ…» ነው። ከእኛ ምን? በዓሉ ከእኛ ራቀ ይሁን፣ ከእኛ ጋር ይሁን፣ ተሰረዘ ይሁን፣ አይታወቅም። ግብዣው ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠው ወገን ቀርቷል።

ርዕስን እንዲህ የማስረዘም ልማድ ከየት እንደመጣ ለመገመት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ወልድያም ሆነ ሌላ ቦታ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀምር ሁላችንም እናውቃለን። «ጉዳዩ፦ የሥልጠና ቀን መቀየሩን ስለማሳወቅ ይሆናል»። ከዚያ ደብዳቤው ሲጀምር «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው…» ይላል። በወረቀት ላይ ይህ ችግር የለውም፤ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተቀባዩ ሳያነበው አይቀርም። ይኸው ደብዳቤ እንዳለ ወደ ኢሜይል ሲገለበጥ ግን ርዕሱ «ጉዳዩ፦ የሥልጠና ቀን መቀየሩን…» ብሎ ይቆረጣል፣ ከሥሩ «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» ይወጣል። ሁለተኛው መስመር አንባቢውን ወደ አንደኛው ይመልሰዋል፣ አንደኛው ደግሞ አላለቀም። ሥልጠናው ወደ መቼ ተቀየረ? ያንን ለማወቅ መክፈት ግድ ነው፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ደግሞ «በኋላ» ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ማረፊያው እንመለስ። የላኪውን ስም በመጀመሪያ እናስተካክል። «info» ከሚለው ይልቅ «ላሊበላ» የሚለው ቃል የገባበት የቤቱ ስም ይሁን። የከተማው ስም እዚያ ካለ ርዕሱ ውስጥ መድገም አያስፈልግም፤ ከክፍተቱ ጋር አምስት ፊደል ተረፈልን ማለት ነው።

ርዕሱን «የገና ክፍል እስከ ኅዳር 30 ይያዙ» እንበለው። 22 ፊደል ነው፣ ክፍተቱን ጨምሮ። ይገባል። ቅድመ እይታው ደግሞ «ከታኅሣሥ 26 እስከ 30፣ ለሁለት ሰው ከቁርስ ጋር» ይሁን። እያንዳንዱን ለብቻ ብናየው ደህና ነው። አሁን ግን አንዱን ከሌላው ሥር አድርገው፣ ሳይቆሙ፣ ድምፅ አውጥተው ያንብቡት። «እስከ ኅዳር 30 ይያዙ፣ ከታኅሣሥ 26 እስከ 30»። ሁለት «እስከ»፣ ሁለት «30»። ቶሎ ለሚያይ ሰው የትኛው የመያዣ ቀን፣ የትኛው የማረፊያ ቀን እንደሆነ ይምታታል። ለየብቻ የተጻፉ መስመሮች ችግር ይኸ ነው፤ የሚጋጩት ሲገናኙ ብቻ ነው።

እንዲህ እናድርገው፦

```
የገና ክፍል ምዝገባ ኅዳር 30 ያበቃል
ከታኅሣሥ 26 ጀምሮ 4 ሌሊት፣ ለሁለት ሰው ከቁርስ ጋር
```

ርዕሱ 24 ፊደል ነው፣ ግሡም አልተቆረጠም። «የትኛው ክፍል? ለስንት ቀን?» የሚል ጥያቄ ይጭራል። ቅድመ እይታው ያንኑ ይመልሳል እንጂ ርዕሱን አይደግምም። ሁለተኛው መስመር ውስጥ ግስ የለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ግስ ከሌለው ለመቆረጥ የሚያሰጋው ነገር ያንሳል። 24ኛው ፊደል ላይ ቢቆረጥ እንኳን «ከታኅሣሥ 26 ጀምሮ 4 ሌሊት፣ ለሁለት» ይቀራል። የሚጠፋው ቁርሱ ነው። ቁርስ ደግሞ ውስጥ ሲገቡ ይገኛል። ቅደም ተከተሉን የወሰነው ይኸው ነው፤ ቢጠፋ የማይጎዳው ወደ ኋላ።

(ቀኑን ግን በየዓመቱ ያረጋግጡ። በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው። ውጭ አገር ላሉ እንግዶች የፈረንጁን ቀን ደብዳቤው ውስጥ ይጻፉላቸው፤ ሁለቱንም አቆጣጠር ቅድመ እይታው ላይ ማጨቅ ያደናግራል።)

ቅድመ እይታውን ስልኩ ከየት ያመጣዋል? በአብዛኛው ከኢሜይሉ አካል የመጀመሪያዎቹን ቃላት ነው የሚያነሳው። «እዚህ ይጫኑ» የሚለው የመጣውም ለዚህ ነው፤ የተጠቀሙበት ቅጽ አናቱ ላይ ያንን ጽፎታል። ብዙ ኢሜይል ለሚልኩ ሰዎች የተሠሩ መሣሪያዎች «Preview text» የሚል ሳጥን አላቸው። እዚያ ከሞሉት ጽሑፉ ደብዳቤው ውስጥ ሳይታይ ኢንቦክሱ ላይ ብቻ ይወጣል። ሳጥኑ ከሌለና ገጹን የሚሠራልዎ ልጅ ካለ፣ ከ`<body>` ቀጥሎ ይህን ያስገባልዎ፦

```html
<div style="display:none;max-height:0;overflow:hidden;">
ከታኅሣሥ 26 ጀምሮ 4 ሌሊት፣ ለሁለት ሰው ከቁርስ ጋር
&#847;&zwnj;&nbsp;&#847;&zwnj;&nbsp;&#847;&zwnj;&nbsp;
</div>
```

የታችኛው እንግዳ መስመር ባዶ ቦታ መሙያ ነው። ያለ እሱ፣ የእርስዎ ጽሑፍ አጭር ሲሆን ስልኩ የቀረውን ቦታ ከቀጣዩ ጽሑፍ ይሞላዋል። «…ከቁርስ ጋር እዚህ ይጫኑ የቤቱ አርማ» የሚል ካዩ የጎደለው እሱ ነው። እዚህ ያሳጠርኩት ለማሳየት ነው፤ ያንኑ ጥምር ደጋግሞ ሠላሳም አርባም ጊዜ መለጠፍ ያስፈልጋል። የተደበቀው ጽሑፍ ግን ደብዳቤው ውስጥ የሌለ ነገር እንዳይናገር አደራ። ቅድመ እይታው «4 ሌሊት» ብሎ ጠርቶ ውስጥ ሦስት የሚያገኝ እንግዳ ዳግም አይከፍትልዎትም።

መሣሪያም ቅጽም ሳይኖር ከተራ ጂሜይል የሚልኩ ብዙ ናቸው። እዚያ የሚደበቅ ነገር የለም። ቅድመ እይታዎ የደብዳቤው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ራሱ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ወሎ የራሱ ፈተና አለው፤ ሰላምታችን ረጅም ነው። «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፣ ቤተሰብ፣ ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው ወይ፣ እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን»። ይህንን የሚወድ እንግዳ አለ፣ እኔም እወደዋለሁ። ሰላምታውን አጥፉት የሚሉትን አልሰማም። ሰው ቤት ገብቶ የበላ የጠጣ እንግዳ ደረቅ ማስታወቂያ አይላክለትም።

ሰላምታው ግን ሁለተኛ አንቀጽ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። የመጀመሪያው መስመር «ከታኅሣሥ 26 ጀምሮ 4 ሌሊት፣ ለሁለት ሰው ከቁርስ ጋር አዘጋጅተናል» ይሁን። ከዚያ ክፍት መስመር ትተው «ወይዘሮ እገሌ፣ እንደምን ሰንብተዋል?» ብለው የፈለጉትን ያህል ይጠይቁ፣ ይመርቁ። አንዳንድ ሽማግሌ ሰላምታ ሳይቀድም ወሬ መጀመሩ ደስ ላይላቸው ይችላል። ለእነሱ «እንደምን ሰነበቱ?» የምትለዋን ብቻ ከፊት አስቀድመው ወዲያው ቀኑን ያስከትሉ። ከክፍተቱ ጋር 12 ፊደል ትወስዳለች፣ ለአክብሮት የማይበዛ ዋጋ ነው።

ከመላክዎ በፊት ለራስዎ ይላኩት። ግን አይክፈቱት፤ ዝርዝሩ ላይ እንዳለ ይዩት። አንድ ጊዜ በአንድሮይድ፣ አንድ ጊዜ በአይፎን። አይፎን ላይ የአፕል ሜይል ቅድመ እይታ ሳይነኩት ሁለት መስመር ነው፣ ባለቤቱ ግን እስከ አምስት ማሳደግ ወይም ጨርሶ ማጥፋት ይችላል። ላጠፋው ሰው የሚታየው ርዕሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ርዕሱ ያለ ቅድመ እይታው መቆም አለበት፤ «ይህንን እንዳያመልጥዎ» ብሎ ጉዳዩን ሁሉ ወደ ታችኛው መስመር መግፋት እዚህ ይወድቃል። የእኛ ርዕስ ብቻውን ቢታይም የገና ክፍል እንደሆነና ቀኑ መቼ እንደሚያበቃ ይናገራል።

ሙከራውን ሲደጋግሙ አንድ ነገር ያሳስትዎታል። ጂሜይል ከአንድ ላኪ የመጡና ተመሳሳይ ርዕስ ያላቸውን ኢሜይሎች አንድ ላይ ሊያቆራኛቸው ይችላል፤ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ደርቦ ሲያሳይዎ ምኑ እንደተስተካከለ አይለይም። የፊተኛውን ሙከራ ሰርዘው ይላኩ።

ውጤቱን ሲያዩም «ስንት ሰው ከፈተው» የሚለውን ቁጥር አይመኑ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ባመጣው የሜይል ግላዊነት ጥበቃ ምክንያት፣ ያልተከፈተ ኢሜይል እንደተከፈተ ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። እርስዎ የሚቆጥሩት ሌላ አለ፤ ስንት ሰው ደወለ፣ ስንቱ መለሰ፣ ከደወሉት ውስጥ ደግሞ ስንቱ «ቀኑ መቼ ነበር?» ብሎ ጠየቀ። የመጨረሻው ቁጥር ከበዛ ሁለቱ መስመሮች ገና አልተስማሙም።