ደብተሩ የተከፈተው መቼ ነው?

አንድ ኃላፊ የበታች ሠራተኛው ለሰው ኃይል ክፍል ቅሬታ እንዳስገባበት ሲሰማ ወዳጆቹ የሚለግሱት ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ራቅ በል፤ ብቻችሁን አትገናኙ፤ ሁሉን ነገር በጽሑፍ አድርገው፤ ጥፋቱንም እየመዘገብክ ቆይ።» ጥንቃቄ ይመስላል። እኔም ሰምቼ ተግብሬዋለሁና መጨረሻው የት እንደሆነ አውቃለሁ።

አምስት ባልደረቦች ያሉበት ክፍል እመራ ነበር። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጠራችኝና በሩን ዘግታ፣ ከአምስቱ አንዷ በጽሑፍ ቅሬታ እንዳቀረበችብኝ ነገረችኝ። ቅሬታው ሁለት ነጥብ ነበረው። የቅዳሜ ተረኝነት ሆን ብዬ እሷ ላይ አበዛለሁ፤ ስትሳሳት ደግሞ ስብሰባ መሀል በሰው ፊት አዋርዳታለሁ። ጆሮዬ ጭው አለ። የሚገርመው፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ጥያቄ «አድርጌው ይሆን?» የሚል አልነበረም። «እንዴት ለእኔ ሳትነግረኝ?» ነበር። ሥራውን ያስለመድኳት እኔ፣ ለዕድገት ያጨኋትም እኔ። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ እያልኩ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። (ነግራኝ ነበር እኮ። ከወራት በፊት «ስብሰባ ላይ ከሚሆን ለብቻዬ ቢነግሩኝ» ብላኝ፣ እኔ ስቄ አልፌዋለሁ። ይህ ትዝ ያለኝ ዘግይቶ ነው።)

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ሳምንታት ክፉ ነገር ሠራሁ ብዬ አላምንም ነበር። አልጮህኩም፤ አላስፈራራሁም። ሐሙስ ሐሙስ ከእያንዳንዱ ባልደረባ ጋር ለግማሽ ሰዓት የመቀመጥ ልማድ ነበረኝ፤ የእሷን «ማጣራቱ እስኪያልቅ» ብዬ ሰረዝኩት። ለበላይ አመራር ልታቀርበው የነበረውን የሩብ ዓመት ሪፖርት ለሌላ ሰው ሰጠሁ፤ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ጫና ላቅልላት የሚል ነበር። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬ አጠረች። ከመሳቢያዬም አንድ ባዶ ደብተር አውጥቼ ስታረፍድ መጻፍ ጀመርኩ። ሰባት ደቂቃ። አራት ደቂቃ። አሥራ አንድ ደቂቃ።

በሦስተኛው ሳምንት ለማጣራቱ ስጠራ ደብተሩን በኩራት ይዤው ገባሁ። ኃላፊዋ ጥቂት ገጾች ገለጠችና ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። «ማርፈዷን መመዝገብ የጀመሩት ረቡዕ ዕለት ነው?» አለችኝ። ረቡዕ፣ ማለትም ቅሬታውን በሰማሁ ማግስት። «የሌሎቹ የአራቱስ የት አለ?» አልነበረም። ማስረጃ ብዬ ይዤ የሄድኩት ወረቀት በራሴ ላይ መሰከረ።

ብዙ ኃላፊዎች የማይረዱት ይህን ነው። ቅሬታው አንድ ፋይል ነው፤ ቅሬታው ከተሰማ በኋላ ኃላፊው የሚያደርገው ነገር ሌላ ፋይል ይከፍታል። የመጀመሪያው በማስረጃ እጦት ሊዘጋ ይችላል፣ ሁለተኛው ግን ከእሱ ጋር አብሮ አይዘጋም። የቅዳሜው ተራ ተቆጠረ፦ በስድስት ወር ውስጥ ከነበሩት 26 ቅዳሜዎች እሷ 6 ስትሠራ ሌሎቹ አራቱ እያንዳንዳቸው 5 ሠርተዋል። ያ ነጥብ ወደቀ። ማዋረዱን ሁለት ባልደረቦች ስላረጋገጡ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። በግል ማኅደሬ የገባው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግን ስለነዚያ ሁለት ሳምንታት ነው። ርዕሱም በቅሬታ አቅራቢ ላይ የበቀል እርምጃ መውሰድ የሚል ነበር።

በቀል የሚለው ቃል አንገሸገሸኝ። በቀል ሲባል የሚታየን ማባረር፣ ደመወዝ መቁረጥ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2006 ያየው የበርሊንግተን ኖርዘርን የባቡር ኩባንያ ጉዳይ ይህን ግምት ይሰብራል። ሺላ ዋይት የምትባል ሠራተኛ ፎርክሊፍት ትነዳ ነበር። ስለ አለቃዋ ቅሬታ ስታቀርብ አለቃው ተቀጣ፤ እሷ ደግሞ ከፎርክሊፍቱ ተነሥታ ወደ ከባዱና ቆሻሻው የሐዲድ ሥራ ተዛወረች። በኋላም 37 ቀን ያለ ደመወዝ ታገደች። የእገዳው ጊዜ ደመወዝ ቢመለስላትም፣ የሐዲዱም ሥራ በመደቧ ዝርዝር ውስጥ የነበረ ቢሆንም ፍርድ ቤቱ ለእሷ ፈረደ። ያስቀመጠው መለኪያ ቀላል ነው፦ እርምጃው አንድን አስተዋይ ሠራተኛ ቅሬታ ከማቅረብ ወደ ኋላ ሊያስብለው ይችላል ወይ? አለቃ ሠራተኛውን ምሳ አለመጋበዙ ብቻውን ተራ ነገር እንደሆነ፣ ነገር ግን ለሙያ ዕድገት ከሚጠቅም ሳምንታዊ የሥልጠና ምሳ ማስቀረቱ በቀል ሊሆን እንደሚችልም ውሳኔው ላይ በምሳሌ ተጠቅሷል። ውሳኔው የተመሠረተበት ሕግ የሚመለከተው የመድልዎ ቅሬታን ነው፤ የየአገሩ ሕግም ይለያያል። የሰረዝኩት ሐሙስ ግን ከዚያ ምሳ በምን ይለያል?

ስለዚህ «ራቅ በል» የሚለውን ምክር የምቃወመው ለስላሳ ልብ ስላለኝ አይደለም። መራቁ ራሱ ለውጥ ነው፤ ለውጡ ደግሞ ቀን አለው። ከቅሬታው በፊትና በኋላ ያለውን የሚያነጻጽር አጣሪ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ቀን ነው። ኃላፊው መጣር ያለበት ማክሰኞ ጠዋት የነበረው ነገር ሁሉ ረቡዕም እንዳለ እንዲቀጥል ነው። የተያዘው ቀጠሮ ይቀጥል፤ የተሰጠው ሥራ እዚያው ይቆይ። አብሮ መቀመጡ በእውነት የሚያስፈራ ከሆነ ሦስተኛ ሰው እንዲገኝ ሰው ኃይልን መጠየቅ ይቻላል። የግድ መለወጥ ያለበት ነገር ካለም ሰው ኃይል ራሱ በጽሑፍ ይወስን እንጂ ኃላፊው ብቻውን አይነካካው። የዓመቱ የሥራ አፈጻጸም ምዘና በዚያ ሰሞን የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ኃላፊ እንዲሞላው፣ ወይም ቢያንስ አብሮ አይቶ እንዲፈርም መጠየቅ ይሻላል። የቆዩ ኢሜይሎችንና መልእክቶችን ማጥፋት ፈጽሞ አይታሰብም።

«ታዲያ ቅሬታ ያስገባ ሠራተኛ ሊነካ ነው የማይገባው?» የሚል ጥያቄ ሁሌም ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ቅሬታ የሥራ ድክመትን አይሰርዝም። ድክመቱ ከማክሰኞ በፊት ተነግሮ፣ ተጽፎ፣ ሌሎችም በዚያው መስፈርት እየታዩ ከነበረ ሂደቱ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል። ድክመቱ ለኃላፊው የታየው ረቡዕ ከሆነ ግን ለሰው ኃይል ከመናገሩ በፊት ለራሱ ይመልስ፦ ያን ማርፈድ ሰኞ ዕለት ለምን አላየሁትም? እኔ መልስ አልነበረኝም። ልጅቷ ድሮም አልፎ አልፎ ታረፍድ ነበር፤ ሁላችንም እንደምናረፍደው።

ማስጠንቀቂያውን ከፈረምኩ በኋላ የሐሙሱን ቀጠሮ መለስኩት። ሰዓቷን አክብራ መጣች፤ ስለ ሥራ ብቻ ተነጋገርን፤ በአሥር ደቂቃ አለቀ። ግማሽ ሰዓቱ እንደገና እስኪሞላ ሰባት ወር ያህል ፈጅቷል።