ጾመኛን ሰላም ስንል ምሳውን አናንሣ

«ሥራ ቦታ አጠገቤ የምትቀመጠው እኅት ሁዳዴን ትጾማለች። ትናንት በምሳ ሰዓት ‹ዛሬስ በሽሮ ነው በምስር?› ብዬ ብቀልድ ፊቷ ተለወጠ። ከእንግዲህ ምን ብዬ ሰላም ልበላት?»

«እንዴት አደርሽ?» ይበቃል። አማርኛ ሰው ሲገናኝ የሚጠይቀው ስለ ሌሊቱ፣ ስለ ውሎው፣ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ነው፤ መልሱም «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። በዚህ ውስጥ ምግብ የለበትም። ምግብ የሚገባው ከሰላምታው ቀጥሎ፣ ጾም መሆኑን ማወቃችንን በሆነ ነገር ለማሳየት ስንፈልግ ነው፤ ያን ጊዜ ከአፋችን የሚቀድመው ሽሮው፣ ክትፎው፣ ለፋሲካ የቀረው ቀንና የዶሮው ናፍቆት ይሆናል።

ትናንት የሆነውን በሰዓቱ ልመልከተው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሰው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል መከልከሉ እንዳለ ሆኖ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቢያንስ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህልም ውሃም አይቀምስም። ስለዚህ በ6 ሰዓት «በሽሮ ነው በምስር?» የተባለችው እኅት ከሽሮና ከምስር የምትመርጥበት ሰዓት ላይ አልነበረችም፤ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምንም ሳትቀምስ ገና 3 ሰዓት ይቀራት ነበር። ቀልዱ የተወላት ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ ፈገግ ብላ ታልፋለች፣ ወይ በምሳ ተሰብሳቢው ፊት «እኔ እኮ ገና አልቀመስኩም» ትላለች። ለጾመኛ ከሁለቱ የሚከብደው ሁለተኛው ይመስለኛል፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 የሚጾም ሰው ፊቱን ታጥቦ ራሱን ተቀብቶ፣ ጾሙን ሰው እንዳያውቅበት ታዝዟልና። ምግብን የሚያነሣ ሰላምታ፣ በፍቅር የተነገረም ቢሆን፣ ሰውየው በስውር የያዘውን ነገር በአደባባይ እንዲዘረዝር ያስገድደዋል።

ይህን ጥንቃቄ የተማርኩት ከአያቴ ቤት ነው። በሁዳዴ በሥራ ቀናት ቅዳሴ የሚቀደሰው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ አያቴ ከቤተ ክርስቲያን የምትመለሰው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። ከደጅ ነጠላዋን እያስተካከለች ስትገባ እኛ ልጆቹ መክሰስ ላይ ከሆንን፣ አክስቴ መሶቡን ከድና ትነሣና «እንዴት ዋልሽ እማዬ፤ በረከትሽ ይድረሰን» ትላታለች። አያቴም «አሜን፣ የሁላችንም ያድርገው» ብላ ትቀመጣለች። በሌላ ጊዜ ማዕድ ላይ ለደረሰ ሰው ሁሉ «እንብላ» ማለት ግዴታ በሆነበት በዚያ ቤት፣ በዚያች ሰዓት «እንብላ» አይባልም ነበር። «በጣም አልራበሽም?» ሲባልም ሰምቼ አላውቅም። ውሃው በብርጭቆ ተቀድቶ፣ ምንም ሳይባል አጠገቧ ይቀመጣል።

ጾሙን አንሥቶ ሰላም ለማለት የሚፈልግ ሰው ከቋንቋው የሚያጣው ነገር የለም። በመጀመሪያው ሳምንት «እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሰሽ» ይባላል፤ መልሱ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። ይህ ሰላምታ ሰውየው ከነሕይወቱ ከዚህ ጊዜ መድረሱን የሚያመሰግን እንጂ የተተወውን ምግብ የሚቆጥር አይደለም። ከመሐል ጀምሮ «ጾሙን በሰላም ያስፈጽምሽ»፣ ወደ መጨረሻው «ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርስሽ» ማለት ይቻላል። ቀረብ ያለ ወዳጅ ከሆነ «በጸሎትሽ አስቢኝ» ከሁሉም ይበልጣል፤ ጾመኛውን እንደ ተራበ ሰው ሳይሆን እንደሚጸልይ ሰው ያየዋልና።

እዚህ ላይ ጠያቂዬ ራሱ የማይጾም ከሆነ አንዲት ፊደል ልብ ይበል። «ጾሙን የበረከት ያድርግልን» ያለ ሰው ራሱን ከጾመኞቹ ጋር ቆጥሯል፤ «ያድርግልሽ» ያለ ግን የራሱን ቦታ ሳይደብቅ መልካም ተመኝቷል። የሌላ እምነት ተከታይም ሆነ የማይጾም ሰው በዚህች «ሽ» ሳይሸማቀቅ ሊናገር ይችላል። ስለ ቅበላም ጠብ የለኝም፤ በቅበላ እሑድ ስለ ሥጋ መጫወት የቆየ ወግ ነው። ሰኞ ማለዳ ላይ ግን «ትናንት ስንት ኪሎ ጨረሳችሁ?» እያሉ ሰላም ማለት፣ ጾሙን ገና በገባበት ሰዓት ወደ ኋላ መጎተት ነው።

ከምግብ ቀልድ የማይተናነሰው «ከሳሽ እኮ!» የሚለው ነው። ምግብ የሚል ቃል ስለሌለበት ብዙ ሰው በአሳቢነት ይናገረዋል፤ የሚመዝነው ግን ያንኑ ነው፤ የጾመኛዋን ሰውነት። የዚህ ግልባጭ «አልከሳሽም፤ ጾሙን ትተሽ ነው?» የሚለው ሲሆን ይበልጥ ይጎዳል። ስኳር ያለባት፣ መድኃኒት የጀመረች ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋግራ ሰዓቱን አሳጥራ ይሆናል፤ ይህንንም ሊፍት ውስጥ ማስረዳት የለባትም።

ሁለቱ ጾሞች አብረው በሚገቡበት ዓመት፣ በ2017 ዓ.ም. በየካቲት እንደሆነው፣ አንድ ቢሮ ውስጥ አንዷ ሁዳዴን ሌላዋ ረመዳንን ትጾማለች። «ረመዳን ሙባረክ» ወይም «አላህ ጾማችሁን ይቀበላችሁ» ማለት በቂ ሆኖ ሳለ «ውሃም አይቻልም?» የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይመለሳል። ከዚያ የሚብሰው «ዛሬ ጾም ነሽ?» ነው። ሙስሊም ሴት በወር አበባዋ ጊዜ አትጾምም፤ ያለፋትን ቀን በኋላ ትከፍላለች። ጥያቄው እንግዲህ ወይ ዋሽታ እንድታልፍ ወይ ለባልደረባዋ የማትነግረውን እንድትናገር ያደርጋታል። ጠያቂው ይህን አስቦት አያውቅም፤ ለዚህ ነው አስቀድሞ መተው የሚሻለው።

ጠያቂዬ አንድ ሳምንት ላይ ደግሞ ከሌላው ለየት ብሎ ይጠንቀቅ። ከሆሣዕና ማግስት ሰኞ ጀምሮ ሰሞነ ሕማማት ነው። ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ መስጠቱን በማሰብ በዚህ ሳምንት ምእመናን አይሳሳሙም፣ ብዙዎቹም አይጨባበጡም። ጠዋት ቢሮ ሲገባ እጁን ዘርግቶ እሷ ሳትጨብጠው ብትቀር የትናንቱን ቀልድ ቂም የያዘችበት ሊመስለው ይችላል፤ አይደለም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ብሎ «እንዴት አደርሽ» ይበል፤ ዝም ብትልም ዝምታዋ የሳምንቱ ነው። ቅዳሜ ካህናቱ ቃጭል እያሰሙ ቄጤማ ያድላሉ፣ ምእመናንም በራሳቸው ላይ ያስሩታል።

ስለ ትናንቱ ደግሞ «ትናንት ሳላስብ ነው የተናገርኩት፤ ይቅርታ እኅቴ» ይበላትና ወደ ሥራው ይመለስ፤ ማብራሪያ አይጨምርበት፣ ሲያብራራ ተመልሶ ሽሮው ላይ ይደርሳልና። ከፋሲካ በኋላ ቢሮ ሲገናኙ እሷ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብትለው መልሱ «በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን» ነው፤ ካላወቀው «እንኳን አደረሰሽ» ይበላት።