መግቢያ የማያስፈልጋቸው እንግዳ

«መግቢያ የማያስፈልጋቸው እንግዳችን» የሚል ኤምሲ ካጋጠማችሁ ወንበራችሁን አመቻችታችሁ ተቀመጡ። መግቢያው ገና መምጣቱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ እራት ተጠርቼ ነበር። ልጆች አማርኛ ለሚማሩበት የቅዳሜ ትምህርት ቤት የኪራይ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነው። ተናጋሪዋ ርእሰ መምህሯ ናቸው። ኤምሲው የት እንደተወለዱ ነገረን። የት እንደተማሩ፣ መቼ አሜሪካ እንደገቡ፣ እሱ ራሱ መጀመሪያ በየትኛው ሰርግ ላይ እንዳያቸው ነገረን። ስለ ሰርጉም ትንሽ ጨመረልን። ሴትዮዋ ከመድረኩ ሥር ቆመው ፈገግ ይላሉ። ቆይቶ ፈገግታው ደከማቸው። ወረቀታቸውን አጠፉት፣ ዘረጉት፣ መልሰው አጠፉት። ማይኩ ሲደርሳቸው «ወንድማችን ሁሉንም ስለተናገረው እኔ ላመስግናችሁ» ብለው ወረዱ። ስለ ኪራዩ ማንም አልነገረን።

ይሄን ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። እኔ ከኤምሲዎች ጋር የቆየ ቂም አለኝ፤ አልደብቅም። አንዴ አንድ ኤምሲ ስለ ትራፊክ አደጋ አጭር ንግግር እንዳደርግ ሲጠራኝ «ዶክተር» አለኝ። እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። አስቀድሞ ማዕረጌን ቢጠይቀኝ በአንድ ቃል እመልስለት ነበር። አልጠየቀም። ወርጄ ሳልቀመጥ አንዲት እናት ጉልበታቸውን ይዘው መጡ። «ዶክተርዬ፣ ደረጃ ስወጣ ይጮህብኛል» አሉኝ። ሐኪም አለመሆኔን ብነግራቸው «ትሕትናህ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ ስለ ጉልበታቸው ሪፖርት ያቀርቡልኛል። ደረጃውን ትተውታል፤ አሁን የሚጮኸው ሜዳ ላይ ነው።

የሚያናድደኝ ይሄ ሥራ በአገራችን አዲስ አለመሆኑ ነው። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ግብር ሲገባ ሺህ ሰው በተራ በተራ ይበላ ነበር። መኳንንቱ ይቀድማሉ፣ ወታደሩ ይከተላል። ማን መቼ እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ የሚያውቀው አጋፋሪው ነው። አጋፋሪ በሩን ይዞ ተራ ያስከብራል እንጂ በየመሀሉ እየገባ የልጅነት ታሪኩን አያወራም። ማይክ ቢኖረው ምን ያደርግ እንደነበር ግን እግዜር ይወቅ።

አያቴ የሚወዱት አንድ ተረት አለ፤ እኔም ከሳቸው ወርሼዋለሁ፦ ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት። አንድ ሰው ተናግሮ በወረደ ቁጥር ኤምሲው «እንግዲህ ከንግግራቸው የተረዳነው...» ሲል ይህቺ ተረት ጆሮዬ ላይ ታቃጭላለች። እኛም አዳራሹ ውስጥ ነበርን እኮ። ሰምተናል። ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው መሻገሪያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። አንዱ ያለፈውን ይዘጋል፣ አንዱ የሚመጣውን ይከፍታል። «የልጆቹን መዝሙር ሰማን። አሁን እነዚህ ልጆች የሚማሩበት ክፍል በወር ስንት እንደሚያስከፍል እንሰማለን።» አለቀ። ከዚህ በላይ የሆነ ሁሉ ከእራቱ ገንዘብ ላይ የሚቀነስ ነው።

ከገንዘቡ ላይ ስል ለማጋነን አይደለም። እስኪ አብረን እናስላ። ሁለት መቶ ሰው መቶ መቶ ዶላር ከፍሎ ገባ እንበል። 20,000 ዶላር። ምግቡ በሰው 40 ዶላር ቢሆን 8,000 ሄደ። አዳራሹ 5,000። ባንዱና ሳውንዱ 4,000። ፍላየሩ፣ አበባው፣ ጽዳቱ 1,000። የቀረው 2,000 ዶላር ነው። ስለዚህ ቲኬቱ የሚከፍለው ለራሱ ለድግሱ ነው። ትምህርት ቤቱን የሚያኖረው ሰው እጁን አውጥቶ ቃል የሚገባበት ያ ሃያ ደቂቃ ነው። ሌላው ሁሉ፣ መዝሙሩም፣ ጥብሱም፣ ኤምሲውም፣ ያንን ሃያ ደቂቃ ለማድረስ የተቀጠረ ነው።

የቅዳሜው ሃያ ደቂቃ መቼ መጣ? ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ።

ካርዱ «ከምሽቱ 12 ሰዓት» ይላል። 12 ሰዓት ላይ የመጡት የሳውንድ ልጆቹና አንድ በስህተት ሌላ ድግስ መስሎት የገባ ፈረንጅ ናቸው። ሕዝቡ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መግባት ጀመረ። ይሄ ማንንም አያስገርምም፤ ማስገረም ያለበት ፕሮግራሙን ያወጣው ኮሚቴ ሕዝቡ 12 ሰዓት ይመጣል ብሎ ማሰቡ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ጸሎት ሆነ። ከዚያ የሊቀ መንበሩ ንግግር፣ የቀድሞው ሊቀ መንበር ንግግር፣ የቀድሞው ሊቀ መንበር የተረሳ ንግግር። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ቡፌ ተከፈተ። ሰው ሳህን ይዞ ተሰልፎ ሳለ ደግሞ ስለ ትምህርት ቤቱ ፊልም አሳዩ። ጥብስ ፊት የቆመ ሰው ፊልም አያይም። ጀርባውን ለስክሪኑ፣ ዓይኑን ለጭልፋው ሰጥቶ ነው የቆመው። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ዘፈን ጀመረ፣ እስክስታው ደራ። ልክ ሲደራ ኤምሲው ዘፈኑን አስቆመና «አሁን ወደ ዋናው ዓላማችን» አለ። ሕፃን ልጅ ያላቸው ሄደዋል። ሌሊት የሚሠሩት ሄደዋል። የቀረነው ላብ በላብ ሆነን፣ ለምን አቆማችሁት ብለን የተቆጣን ነን።

ነገሩ የሚስተካከለው ምሽቱን አዳራሹ ከሚሞላበት ሰዓት ጀምሮ በመቁጠር ነው። አዳራሹ መቼ ይሞላል? ሁለት ሰዓት። ሁለት ሰዓት ላይ ቡራኬ፣ ወዲያው እራት። ሁለት መቶውን ሰው በአንድ ቡፌ ከማሰለፍ ምግቡን በሁለት ወገን ዘርግቶ በጠረጴዛ ቁጥር መጥራት። ይሄ የኤምሲው ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ድምፁ የሚፈለገው። ሰው ሲበላ ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ ምንም ንግግር የለም። ሦስት ሰዓት ላይ ሳህን እየተነሳ ሳለ ርእሰ መምህሯ ለአምስት ደቂቃ ይናገራሉ። ከሳቸው አፍ ወጥቶ ሳይበርድ፣ መሀል ላይ ሎተሪ ሳይገባ፣ ቃል ማስገባቱ ይቀጥላል። ዘፈኑ ከዚያ በኋላ እስከፈለገው ይሂድ።

እዚህ ላይ ስለ ማስታወቂያ ካልተናገርኩ አልተኛም። «የታርጋ ቁጥሩ እንዲህ የሆነ ግራጫ ቶዮታ መንገድ ዘግቷል።» ሰው ሁሉ ይነሳል፤ ምክንያቱም ሁላችንም ግራጫ ቶዮታ ነው የምንነዳው። ይሄ ማስታወቂያ ርእሰ መምህሯ ከመውረዳቸው ተነገረ። ከጎኔ የነበረች ሴት ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ መፈለግ ጀመረች። መኪናው የመድረክ ጉዳይ አይደለም። አንድ ልጅ በየጠረጴዛው ዞሮ መጠየቅ ይችላል። ኤምሲ ወረቀት በተቀበለ ቁጥር የግድ ያነበዋል ያለው ማነው? ወረቀቱን ተቀብሎ ኪስ ውስጥ መክተትም ሙያ ነው።

ሌላው ማስታወቂያ ደግሞ ከማናደድ አልፎ ያስጠይቃል። «የቲኬታችሁ መቶ ዶላር ሙሉ በሙሉ ከታክስ ይቀነሳል» ተባለ። አይቀነስም። የአሜሪካ የግብር ሕግ የበላችሁትን ከስጦታ አይቆጥረውም። እራቱ 40 ዶላር የሚያወጣ ከሆነ ስጦታችሁ 60 ነው። እንዲያውም ክፍያው ከ75 ዶላር በላይ ሲሆንና በምትኩ ምግብም ሆነ ሌላ ነገር ሲሰጥ፣ ድርጅቱ የሰጠው ነገር ዋጋ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ለሰጪው የመንገር ግዴታ አለበት። ኤምሲው ይሄን ካላወቀ «ደረሰኝ ይላክላችኋል» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ሁለት ቃል ነው።

ቃል ማስገባቱስ? ኤምሲው ከ50 ዶላር ጀመረ። «ሃምሳ የሚል አለ?» ግማሹ አዳራሽ እጁን አወጣ። ከፊት ጠረጴዛ አንድ ነጋዴ አለ፤ ሺህ ዶላር ሊሰጥ ያሰበ ሰው። እሱም ከሕዝብ ላለመለየት ለሃምሳ እጁን አወጣ። ካወጣ በኋላ ግዴታው ያለቀ መሰለው፤ ሺሁ ሲጠራ ስልኩን እያየ ነበር። የሚያውቁ ሰዎች ከላይ ነው የሚጀምሩት፤ 5,000፣ 2,500፣ 1,000 እያሉ ይወርዳሉ። የመጀመሪያውን ሰው ደግሞ ቀደም ብለው፣ በሳምንቱ ውስጥ፣ ደውለው ያናግሩታል። ቁጥሩ ሲጠራ ወዲያው እጁን እንዲያወጣ። አለበለዚያ ትልቁ ቁጥር አየር ላይ ይቀርና አዳራሹ ሁሉ ጫማውን ማየት ይጀምራል። ቁጥሩን ከጠሩ በኋላ ደግሞ ዝም ማለት ነው። ሰው ከሚስቱ ጋር በዓይን ለመማከር ጥቂት ሰከንድ ያስፈልገዋል። የኛ ሰው ያቺን ዝምታ አልቻላትም። «አይዟችሁ! ጭብጨባ የለም እንዴ? አልሰማሁም!» እያለ ሞላት።

ስለ መግቢያ ነበር የጀመርኩት፤ ቶሎ ልናገርና ልለፍ። የተናጋሪ መግቢያ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ጉዳዩ ለምን ዛሬ እንደተነሳ፣ ሰውየው ለምን እንደተመረጠ፣ ከዚያ ስም። ስሙ መጨረሻ ላይ። «ወይዘሮ እገሌን ወደ መድረክ በክብር እንጋብዛለን» ስትሉ ሰው ስሙን ሰምቶ ማጨብጨብ ይጀምራል፣ የቀረው ዓረፍተ ነገር ጭብጨባ ውስጥ ይሰምጣል። እንዲህ ቢሆንስ፦ «ይሄ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ የሚቀመጡበት ወንበር አልነበረም። ወንበሩን ከየቤታችን ዞረው የለመኑት ሴት ዛሬ ስለ ኪራዩ ይነግሩናል። ርእሰ መምህራችን፣ ወይዘሮ እገሌ።» ከዚያ ማይኩ ጋ እስኪደርሱ አጨብጭቦ መጠበቅ፣ ሲደርሱ ዞር ማለት። ወንበሩን ከየቤታችን የሰበሰቡት ግን እውነት እሳቸው ናቸው። የኛም ቤት መጥተው ነበር። ኤምሲው ስለ ሰርጉ ሲያወራ ይሄን ሳያነሳው ቀረ።

የገባነው ቃል ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። እጅ ሲወጣ ካርድ ይዞ የሚሮጥ፣ ስምና ስልክ የሚያስሞላ ልጅ አልተመደበም። ኤምሲውም «እጃችሁን ያየው ኮሚቴ ይመዘግባችኋል» ብሎ አለፈ። አሁን ኮሚቴው ማን ስንት እንዳለ ለማወቅ የዕለቱን ቪዲዮ ቁጭ ብሎ እየተመለከተ ነው። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ኤምሲው ነው።