ለፋሲካ እንቁላል ቀለሙ ከዶሮ ወጡ ሽንኩርት ይገኛል

«የተቀባ እንቁላል የፈረንጅ ነው፤ እኛ ለፋሲካ ቄጠማ አለን» የሚሉ አሉ።

ቄጠማውን ማንም አይነካውም። ቅዳም ሹር ካህናቱ የሚያድሉት ራስ ላይ ይታሰራል፤ ከጣና ዳር ታጭዶ ገበያ የሚወጣውም ወለላችን ላይ ይጎዘጎዛል። ቀይ እንቁላል ግን የግሪክና የሌሎችም ኦርቶዶክሳውያን የትንሣኤ ልማድ ነው፤ ቅላቱ የክርስቶስን ደም ያስታውሳል። 55 ቀን እንቁላል ያልገባበት ቤት ይህ ባዕድ ሊሆንበት አይገባም። እኔን የሚያሳዝነኝ ሰዉ የፕላስቲክ ጌጥ ሲገዛ ደህናው ቀለም ከጓዳው ወጥቶ መጣሉ ነው።

ቀለሙ ለዶሮ ወጥ የሚላጠው ቀይ ሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ ነው። ለአሥር እንቁላል ሦስት እፍኝ ያህል ልጣጭ በአንድ ሊትር ተኩል ውኃ ግማሽ ሰዓት ይቀቀልና ይጠለላል። ሲቀዘቅዝ ሁለት የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ይጨመርበታል። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ቅርፊቱ ነጣ ያለ ስለሆነ ቀለሙ ጎልቶ ይታይበታል። አስቀድሞ በሳሙና በደንብ ይታጠብ፤ ቅባት ያለበት ቦታ ቀለም ስለማይዝ ዥጉርጉር ሆኖ ይወጣል። እንቁላሎቹ ሳይደራረቡ ይደርደሩና በቀስታ እሳት ከፈሉ በኋላ አሥር ደቂቃ ይቆዩ። ቀለሙ ቡናማ የቀላቀለ ቀይ ነው፤ ይበልጥ እንዲጠቁር ከተፈለገ ቀለሙ ውስጥ እንዳሉ ፍሪጅ ይገባሉ። ቅርፊቱ ላይ አረፋ ከበዛና ቀለሙ በጣት ሲነካ ከተላጠ አቼቶው በዝቷል፤ አሲዱ ቅርፊቱን ራሱን እየበላው ነው። ከመቀቀሉ በፊት የድንብላል ቅጠል እንቁላሉ ላይ ለጥፎ በስስ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ማሰር ደግሞ የቅጠሉን ቅርጽ ነጣ አድርጎ ያስቀራል። ለእኔ ከሁሉም የሚያምረው ይኸኛው ነው።

ለአበባው አደይን መናፈቅ አያስፈልግም፤ እሷ የመስከረም ናት። በፋሲካ ሰሞን የባሕር ዳርን አጥር የሚያደምቀው ቡገንቪሊያ ነው። ቀትር ላይ የተቆረጠ ወዲያው ይጠወልጋል። ፀሐይ ሳትወጣ ይቆረጥ፤ አረንጓዴ ቅጠሉ ይርገፍ፤ ከነቀንበጡ ሳፋ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ተነክሮ ብርጭቆ ውስጥ ይቁም። ነጭ የገበታ ልብስ፣ ቀይ እንቁላል በሰፌድ ላይ፣ ሐምራዊው አበባ ከጎኑ፤ ሌላ ጌጥ አልጨምርም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እላለሁ። የተቀቀለውን እንቁላል ቅዳሜ ማታ ገበታ ላይ ደርድሮ ወደ ቅዳሴ መሄድ አይገባም። በባሕር ዳር ሙቀት ከአንድ ሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ያደረ እንቁላል ለመብል አይታመንም፤ ከጾም የወጣ ሆድ ደግሞ ቶሎ ይታወካል። ፍሪጅ ውስጥ ይደር፤ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይውጣ። ፍሪጅ የሌለው ቤት ጥሬውን እንቁላል ከሁለቱም ጫፍ በመርፌ በስቶ አስኳልና ውኃውን በመንፋት ያስወጣ፤ ባዶውን ቅርፊት በቀዘቀዘው ቀለም ውስጥ ይንከር። እንዲህ የተሠራው ቅርፊት እስከ ዳግማይ ትንሣኤም ገበታው ላይ ቢቆይ አይበላሽም።